ሦስት ገምጋሚዎች፣ አንድ የደም ማነስ ጥናት፦ ዋናውን ጥያቄ ከጥቃቅኑ እንዴት እንደለየነው

ጉዳዩ ይሄ ነው። አንዲት የሚድዋይፈሪ መምህርት በአንድ የደጋ ከተማ ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ እናቶች ላይ የደም ማነስን አጥንታ ጽሑፏን ለአንድ ጆርናል ላከች። ከጥቂት ወራት በኋላ መልስ መጣ። ውድቅ አላደረጉትም፣ አልተቀበሉትምም። «ሜጀር ሪቪዥን» ነው፤ 60 ቀን ተሰጥቷታል። ከአርታኢው ደብዳቤ ጋር የሦስት ገምጋሚዎች አስተያየት ተያይዟል። እኔ የጽሑፉ ደራሲ አይደለሁም። የጠየቀችኝ አስተያየቶቹን አንብቤ ዋና ዋናውን ከጥቃቅኑ ለይቼ በአንድ ሁለት ገጽ እንዳስቀምጥላት ነው። ሰዎቹ እንዳይታወቁ የከተማውን ስም ትቻለሁ፣ አንዳንድ ቁጥሮችንም ትንሽ ነካክቻለሁ። አካሄዱ ግን እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉ ምን ይላል? 423 እናቶች ታቅደው 409ኙ ተሳትፈዋል። (423ን በአገራችን የጤና ጥናት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ 384 ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ ወደ ላይ ሲጠጋጋ የሚመጣው ቁጥር ነው።) የእያንዳንዷ እናት ሄሞግሎቢን ተለክቶ ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች የሆነች ሁሉ የደም ማነስ አለባት ተብሏል። በዚህ መስፈርት 74 እናቶች ተገኙ፤ 18.1 በመቶ ማለት ነው። የጽሑፉ ዋና መልእክትም በዚህ ከተማ የደም ማነስ ዝቅተኛ ነው የሚል ነው። ከዚያ በሪግሬሽን አራት ተያያዥ ምክንያቶች ተዘርዝረዋል።

አሁን ወደ ገምጋሚዎቹ።

አንደኛው ገምጋሚ ከሁለት ገጽ በላይ ጽፏል። «ዋና አስተያየቶች» እና «ጥቃቅን አስተያየቶች» ብሎ ራሱ ከፍሎታል። ዋና ካላቸው ውስጥ አንደኛው እንግሊዝኛው በባለሙያ ይታረም የሚል ነው። ሌላው መግቢያው ረዝሟል ይላል። ሌላው ደግሞ እነዚህን አራት ጽሑፎች ጥቀሱ የሚል ሲሆን አራቱም ላይ አንድ የደራሲ ስም ይደጋገማል። ሁለተኛው ገምጋሚ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው የጻፈው። ትሁት ሰው ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ያሉኝ ጥቃቅን ነገሮች ብቻ ናቸው ብሎ ይጀምርና ጥቂት ነጥቦችን በመስመር ቁጥር ያስቀምጣል። ሦስተኛው ቁጡ ነው። ጥናቱ አዲስ ነገር የለውም ብሎ ከፍቶ አንድ ረጅም አንቀጽ ሳይተነፍስ ይወርዳል፤ አንቀጹ ውስጥ ስለ ስታትስቲክሱም፣ ስለ ደጋ ሰው ደምም፣ ስለ ሰንጠረዦቹም ተቀላቅሎ አለ።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ከደራሲዎቹ አንዱ የራሱን ማጠቃለያ ሠርቶላት ነበር። ኤክሴል ላይ ነው፤ ቀይ ለዋና፣ አረንጓዴ ለጥቃቅን። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፣ ምንም አልተዘለለም። አሰላለፉ ግን ገምጋሚዎቹ በሰጡት ርዕስና በድምፃቸው ነው። አንደኛው ገምጋሚ «ዋና» ያለው በሙሉ ቀይ ሆኗል። የቁጡው በሙሉ ቀይ ሆኗል። የትሁቱ በሙሉ አረንጓዴ። እና ከአረንጓዴዎቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «የከተማውን ከፍታ ጥቀሱ።»

ወደ ዋናው ደብዳቤ ተመልሼ አየሁት። ገምጋሚው የጻፈው እንደዚያ አይደለም። የጻፈው ነገር በአማርኛ ሲመለስ፦ «መስመር 118፦ ጥናቱ የተካሄደበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው? ሄሞግሎቢኑስ ለከፍታና ለሲጋራ ማጨስ ተስተካክሏል?» ሁለት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው አንድ ቁጥር በመጻፍ ያልቃል። ሁለተኛው የጽሑፉን ርዕስ ሊያስቀይር ይችላል። ማጠቃለያው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ጣለው። ገምጋሚው በጥያቄ መልክ፣ በለሆሳስ፣ «ጥቃቅን» ከሚል ርዕስ ስር ስላስቀመጠው ማንም ትኩረት አልሰጠውም።

ለምን ትልቅ እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚዞረው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ኦክስጅኑ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ ደጋ ላይ 11.9 የተለካች እናት ቆላ ላይ 11.9 ከተለካች እናት ጋር እኩል አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰንጠረዥ 2500 ሜትር ላይ ከተለካው ሄሞግሎቢን 1.3 ይቀነሳል። 11.9 ያላት እናት 10.6 ትሆናለች ማለት ነው፤ ጤነኛ ከተባለችበት ወደ ደም ማነስ ትሻገራለች። ከተማው ደግሞ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

መምህርቷን «ተስተካክሏል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «አይ ጋሼ፣ ማሽኑ ያነበበውን ነው የመዘገብነው» አለች። ዳታውን ከፈትን። ሥራው ሁለት መስመር ነው፦

```
COMPUTE hb_adj = hb - 1.3.
COMPUTE anemia_adj = (hb_adj < 11).
EXECUTE.
```

74 የነበረው 151 ሆነ። 18.1 በመቶ የነበረው 36.9 በመቶ ሆነ። በዓለም ጤና ድርጅት አከፋፈል ከ5 እስከ 19.9 በመቶ ያለው ቀላል የኅብረተሰብ ጤና ችግር ነው፣ ከ20 እስከ 39.9 ያለው መካከለኛ ነው። ጽሑፉ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ዘለለ። «ዝቅተኛ ነው» የሚለው መልእክት አለቀለት። ሪግሬሽኑም የተሠራው በድሮው 74 ላይ ስለሆነ እንደገና መሠራት አለበት፣ ስለዚህ ሰንጠረዦቹም፣ የውይይቱ ክፍልም፣ የምክረ ሐሳቡም ዓረፍተ ነገር ይነካል። ይህ ሁሉ የመጣው አረንጓዴ ከተቀባች አንዲት መስመር ነው።

እንግዲህ አስተያየቶቹን የለየሁበት መስፈርት ከዚህ የወጣ ነው። ገምጋሚው በምን ርዕስ ስር አስቀመጠው፣ ስንት መስመር ጻፈበት፣ ተቆጥቶ ነው ወይስ በትህትና፣ ይህን ሁሉ ወደ ጎን አደርገዋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ገምጋሚው ትክክል ቢሆን ከአብስትራክቱ ውስጥ የትኛው ቁጥር ወይም የትኛው ዓረፍተ ነገር ይቀየራል? አንድም ቢሆን የሚቀየር ካለ ዋና ነው። ምንም የማይቀየር ከሆነ ጥቃቅን ነው፣ ለማረም ሁለት ሳምንት ቢፈጅ እንኳ። አብስትራክቱን የመረጥኩት አጭር ስለሆነና ጥናቱ ለዓለም የሚናገረው ነገር በሙሉ እዚያ ስላለ ነው። አትሜ ጎኔ አስቀምጬ ነው አስተያየቶቹን የማነበው።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ማድረግ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ የአርታኢው ደብዳቤ መጀመሪያ ይነበባል። ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ለሁሉም የሚላክ ቅጽ ነው፤ ፋይል እንዴት እንደሚጫን፣ ቀኑ መቼ እንደሚያልፍ። የእኛም እንደዚያው ነበር። መሐል ላይ ግን አንድ ቅጽ ያልሆነ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «በተለይ የውጤቱ መለኪያ እንዴት እንደተተረጎመ ገምጋሚ 2 እና 3 ላነሱት ጥያቄ ትኩረት ስጡ።» አርታኢው ትሁቱን ገምጋሚ በቁጥር ጠርቶታል። ከቅጽ ውጪ የተጻፈ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ሰውየው ቁጭ ብሎ አንብቦ የጻፈው ነው፣ ውሳኔውን የሚሰጠውም እሱ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ከማጠቃለያው አናት ላይ አስቀመጥኩት።

ሁለተኛ፣ አስተያየቶቹ ይበተናሉ። ገምጋሚ አንድ ቁጥር ሰጥቶ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይችላል፣ ወይም እንደ ሦስተኛው ገምጋሚ ቁጥር ሳይሰጥ ዘጠኝ ነገር ሊያወርድ ይችላል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያ ሰጠሁት፤ ገ2.1ሀ፣ ገ2.1ለ እያልኩ። የከፍታው ጥያቄ ገ2.1ሀ ነው፣ የማስተካከሉ ገ2.1ለ፣ የሲጋራው ገ2.1ሐ። እንዲህ ሲበተን መጣል አይቻልም፣ እያንዳንዱ የራሱን መልስ ይጠብቃል። በነገራችን ላይ የሲጋራው መልስ ቀላል ነበር፤ ከ409ኙ እናቶች አንዷም አጫሽ ስላልነበረች አንድ ዓረፍተ ነገር በቃው። ከጎኑም ሁልጊዜ የገምጋሚውን የራሱን ቃል እገለብጣለሁ፣ ማጠቃለያዬን ከዚያ ቀጥሎ አስቀምጣለሁ። እኔ አሳጥሬ የጻፍኩትን ብቻ ይዛ ብትሠራ «ከፍታውን ጥቀሱ» ያለው ሰው ያደረገውን እኔም እደግመዋለሁ።

አሁን ወደ ቁጡው። «አዲስ ነገር የለውም» የሚለው መምህርቷን በጣም ጎድቷታል። ኤክሴሉ ላይም ቀይ ሆኖ ከሁሉም በላይ ነው የተቀመጠው፣ መልሱ ባዶ ነው፣ ምን እንደሚመለስ ስላላወቁ። እኔ እንዲህ አየሁት። ይህ ዓረፍተ ነገር ፍርድ ነው፣ ጥያቄ አይደለም። ፍርዱን የሚሰጠው አርታኢው ነው፣ እሱም ጽሑፉን አልጣለውም። ስለዚህ ከፍርዱ ስር የተደበቀ ጥያቄ ካለ ፈልጌ ማውጣት ነው የእኔ ሥራ። ነበረ። ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ በአካባቢው ተመሳሳይ ጥናቶች እንዳሉና ይሄኛው ምን እንደሚጨምር እንዲነገር ይጠይቃል። መልሱ መግቢያው ላይ አንድ አንቀጽ ነው። አብስትራክቱ ውስጥ ምንም አይቀየርም። ጥቃቅን ውስጥ ገባ። ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ትልቅ ነበር፣ እና ይህም የማጠቃለያ አንዱ ጥቅም ነው፤ የሚያምመውን ከሚያስፈልገው መለየት።

ግን ከዚያው ቁጡ አንቀጽ ውስጥ ሁለት ትክክለኛ ዋና ጥያቄዎች ወጥተዋል።

አንደኛው ስለ ሪግሬሽኑ ነው። ደራሲዎቹ ተለዋዋጮቹን አንድ በአንድ ፈትነው ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነውን ሁሉ ወደ ዋናው ሞዴል አስገቡ። በእኛ አገር የማስተርስ ጽሑፍ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ሁላችንም እንዲህ ነው የተማርነው። ገምጋሚው ተለዋዋጭ በቁጥር ሳይሆን በዕውቀት ይመረጣል አለ። ለምሳሌ በሁለት እርግዝና መካከል ያለው ጊዜ ለብቻው ሲፈተን ደካማ ቢመስል እንኳ ከደም ማነስ ጋር መያያዙ ስለሚታወቅ መውጣት የለበትም። የጽሑፉ ርዕስ ግማሹ «ተያያዥ ምክንያቶች» ስለሆነ ይህ ከተቀየረ አብስትራክቱ ይቀየራል። ዋና ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ከትሁቱ ገምጋሚ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛው ገምጋሚ ለከፍታ አስተካክላችኋል ወይ ብሎ ጠይቋል። ሦስተኛው ደግሞ እንዲህ አለ፤ ደራሲዎቹ ለከፍታ ቢያስተካክሉ ስህተት ይሆናል፣ የኢትዮጵያ ደገኛ ሄሞግሎቢን እንደ አንዲስ ተራራ ሰው አይጨምርምና። እና ይሄ ከሜዳ የመጣ ንግግር አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ለክተው ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ አግኝተውታል። በኋላ የወጡ ሥራዎች ደግሞ ወደ ደጋ የወጡት ከጊዜ በኋላ በሆኑ ሕዝቦች ላይ ጭማሪው እንዳለ አሳይተዋል። ስለዚህ 1.3 መቀነስ ለአንዷ እናት ትክክል ሆኖ ለሌላዋ ያለ ደም ማነስ ደም ማነስ አለብሽ ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ገምጋሚዎች የቆሙበት መሬት አላቸው።

የደራሲዎቹ የመጀመሪያ ሐሳብ አንዱን መምረጥ ነበር። «ሁለተኛው ደግ ሰው ነው፣ እሱን ደስ ካሰኘን ይበቃል» ያለም ነበር። በማጠቃለያዬ ላይ ሁለቱን አስተያየቶች አንድ ላይ አሰርኳቸው እንጂ ለየብቻ አላስቀመጥኳቸውም። ለየብቻ ከተቀመጡ አንዱ ደራሲ ለገ2 «አዎ አስተካክለናል» ብሎ ይመልሳል፣ ሌላው ለገ3 «ልክ ነዎት፣ ማስተካከል አያስፈልግም» ብሎ ይመልሳል፣ ሁለቱም ገምጋሚዎች ደግሞ አንዱ ለሌላው የተሰጠውን መልስ ያዩታል። እንዲህ ዓይነት መልስ ሲላክ አይቻለሁ፣ ሰውን ከጥንቃቄ የለሽነት በላይ ያሳማል። ግጭት ሲኖር ማጠቃለያው ግጭቱን በግልጽ ይጽፋል፣ መልሱም ለሁለቱ አንድ ይሆናል፣ አርታኢውም በደብዳቤው አናት ላይ ይነገረዋል።

ያቀረብኩት መፍትሔ ሁለቱንም ማሳየት ነው። ዋናው ቁጥር በዓለም ጤና ድርጅት የተስተካከለው ይሁን፣ ምክንያቱም ሌሎች ጥናቶች በብዛት የሚነጻጸሩት በእሱ ነው። ያልተስተካከለውም ከጎኑ ይቀመጥ፣ ሪግሬሽኑም በሁለቱም ይሠራ፣ የማይጠፋው ግኝት የትኛው እንደሆነ ይታይ። የ2024 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ መመሪያ የከፍታ ማስተካከያውን ስለለወጠው በየትኛው ሰንጠረዥ እንደሠሩም በግልጽ ይጻፉ ብያለሁ። ይህን ካልጻፉ ቀጣዩ አንባቢ ቁጥሩን ሊደግመው አይችልም።

አንድ ደግሞ ወዲያው መመደብ ያልቻልኩት ነበር። የትሁቱ ገምጋሚ የመጨረሻ ነጥብ፦ «ሰንጠረዥ 3፦ የሻይና ቡና መስመር ሲደመር 409 አይመጣም።» ደመርኩት፣ 407 ነው። ኤክሴሉ ላይ «የትየባ ስህተት» ተብሎ አረንጓዴ ሆኗል። ይሄ ሳይታይ መባል የለበትም። የማይደመር ሰንጠረዥ ከሦስት አንዱን ሊያመለክት ይችላል። የትየባ ስህተት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው ያልመለሰው ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ወይም ሰንጠረዡ ከሌላ የዳታ ፋይል፣ ከመጨረሻው ማጥራት በፊት ከነበረው፣ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹም ሰንጠረዦች መታመን ያቆማሉ። ስለዚህ ከዋናና ከጥቃቅን ሌላ ሦስተኛ ቦታ አበጀሁ፤ «ዳታው ሳይከፈት የማይመደብ»። ከፍተን አየን። ሁለት እናቶች ስለ ሻይና ቡና የተጠየቁትን አልመለሱም፣ ሌላው ሁሉ ይገጥማል። ከሰንጠረዡ ስር አንድ የግርጌ ማስታወሻ ተጨመረ፣ ጥቃቅን ውስጥ ገባ። ይህ ሦስተኛ ቦታ እንዲቆይ አልፈልግም። ማጠቃለያው ለደራሲዋ ከመድረሱ በፊት ባዶ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ደግሞ ማን በየትኛው ፋይል ማየት እንዳለበት ከጎኑ ይጻፍ።

የአንደኛው ገምጋሚ «ዋና» የተባሉት በአብዛኛው ወደ ጥቃቅን ወረዱ። እንግሊዝኛው ይታረም ማለት ብዙ ሥራ ነው፣ ምናልባትም ገንዘብ ያስወጣል፣ ግን አንድም ግኝት አይቀይርም። የአራቱ ጽሑፎች ጥቀሱኝም እንደዚያው። ስለዚህኛው ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ወጣት ደራሲዎች ይፈሩታል። የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ኮፕ ገምጋሚ የራሱን ጽሑፍ ቁጥር ለማሳደግ ብሎ ብቻ እንዲያስጠቅስ አይፈቅድም። አራቱንም እንድታነባቸው ነገርኳት። አንዱ በደጋ ነፍሰ ጡሮች ላይ ስለነበር በእርግጥ ይጠቅማል፣ ገባ። ሦስቱ ከጉዳዩ ጋር አይገናኙም፤ «አንብበናቸዋል፣ ከጥናታችን ጥያቄ ጋር በቀጥታ ስለማይገናኙ አላካተትናቸውም» የሚል አጭርና ጨዋ መልስ ተሰጠ። ቅሬታ አያስፈልግም፣ መለማመጥም አያስፈልግም።

ከአንደኛው ገምጋሚ አንድ ብቻ ወደ ላይ ወጣ፣ እሱም እሱ ራሱ «ጥቃቅን፣ የቋንቋ» ብሎ ያስቀመጠው ነው። መስመር 204 ላይ የአይረን ኪኒን አለመውሰድ የደም ማነስን «አስከትሏል» የሚለው ቃል ይስተካከል ይላል። የቋንቋ ጉዳይ ይመስላል፣ አይደለም። ጥናቱ በአንድ ጊዜ የተሠራ ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አያሳይም። ያው ቃል ደግሞ በአብስትራክቱ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ አለ፣ ኪኒን ቢታደል የደም ማነሱ እንደሚቀንስ ቃል እየገባ። መስመር 204ን ብቻ አርሞ ማለፍ ገምጋሚውን ያስደስት ነበር፣ ጽሑፉን ግን አያድነውም።

በመጨረሻ ለመምህርቷ የሰጠኋት ወረቀት ምን ይመስል ነበር? አናቱ ላይ የአርታኢው ዓረፍተ ነገር አለ። ቀጥሎ አራት ዋና ጉዳዮች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ አጭር አንቀጽ። የመጀመሪያውን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«1. የደም ማነስ መለኪያ (ገ2.1ለ፣ ገ3.4፣ የአርታኢው ደብዳቤ)። ገ2 ሄሞግሎቢኑ ለከፍታ ተስተካክሎ እንደሆነ ይጠይቃል። ገ3 ለኢትዮጵያ ደገኞች መስተካከል የለበትም ይላል። ሁለቱ ይጋጫሉ። አሁን አልተስተካከለም። ቢስተካከል ስርጭቱ ከ18.1 ወደ 36.9 በመቶ ይሄዳል፤ ርዕሱ፣ አብስትራክቱ፣ ሰንጠረዥ 2፣ 3 እና 4፣ ውይይቱ በሙሉ ይነካል። የእኔ ሐሳብ፦ ሁለቱንም አቅርቡ፣ ለሁለቱም አንድ መልስ ስጡ። የሚወስኑት ደራሲዎቹ ናቸው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት። ማጠቃለያው የገምጋሚውን ቃል፣ የአጠቃላዩን ሰው አስተያየትና የደራሲውን ውሳኔ ከቀላቀለ አንባቢው ገምጋሚው የጠየቀው የትኛው እንደሆነ ይጠፋበታል። ሁለተኛው ጉዳይ የተለዋዋጭ አመራረጡ ነው፣ ሦስተኛው «አስከትሏል» የሚለው። አራተኛው ገ2 እና ገ3 በተለያየ ቃል ያነሱት የናሙና አሰባሰብ ነው፤ 423ቱ ለየጤና ጣቢያው እንዴት እንደተደለደሉ ጽሑፉ ላይ የለም። በሥራው ላይ በትክክል ተደርጎ ነበርና ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ብቻ ነበር የቀረው፣ ግን ካልተጻፈ ገምጋሚው 36.9ንም የሚያምንበት ምክንያት የለውም። ከእነዚህ ቀጥሎ ጥቃቅኑ በመስመር ቁጥር ተራ፣ እያንዳንዱ በአንድ መስመር። ጥቃቅን የተባለ ሁሉ መልስ ያገኛል፣ አንዱም አይዘለልም።

ቅደም ተከተሉንም ጽፌላታለሁ። መጀመሪያ መለኪያው፣ ከዚያ ሪግሬሽኑ፣ ከዚያ ሰንጠረዦቹ፣ ከዚያ ውይይቱ፣ አብስትራክቱና ርዕሱ፣ በመጨረሻ የመስመር እርማቶቹና እንግሊዝኛው። እነሱ ጀምረው የነበረው ከታች ነው። ሰው ቀላሉን መጨረስ ይወዳል፣ ይገባኛል። ግን የውይይቱ ግማሽ «ዝቅተኛ ነው» በሚለው ላይ የቆመ ስለነበር አንቀጾቹ ሁሉ ተቆርጠው ሊወጡ ነው፤ እነዚያ ላይ ሰዋስው ማረም ጊዜ ማባከን ነው። በእርግጥም ከአንደኛው ገምጋሚ የመስመር እርማቶች ብዙዎቹ በመጨረሻ «ይህ ዓረፍተ ነገር ከአዲሱ ጽሑፍ ወጥቷል» ተብለው ነው የተመለሱት።

እንደገና ሲሠራ ከአራቱ ተያያዥ ምክንያቶች ሁለቱ በሁለቱም መለኪያ ጸኑ፤ የአይረን ኪኒን አለመውሰድና በእርግዝናዎች መካከል ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ መኖሩ። ከምግብ በኋላ ሻይና ቡና መጠጣት በተስተካከለው ላይ ጠፋ። አራተኛው፣ የቤተሰብ ቁጥር፣ በአንዱ ታይቶ በሌላው ስላልታየ እንዲያው ተብሎ ተጻፈ። ርዕሱ ላይ የነበረው «ዝቅተኛ» ወጣ።

ከተሰጣት 60 ቀን ሳያልፍ ላከችው። በሁለተኛው ዙር አንደኛው ገምጋሚ ስለቀሩት ሦስት ጽሑፎች ምንም አላለም። ሁለተኛው የተጠቀሙበት የከፍታ ሰንጠረዥ የየትኛው ዓመት እንደሆነ በሰንጠረዥ 2 ርዕስ ላይም እንዲጻፍ ብቻ ጠየቀ። ሦስተኛው አልተስማማም፤ አሁንም ያልተስተካከለው ቁጥር ዋና መሆን ነበረበት ይላል፣ ሁለቱም መቅረባቸውን ግን ተቀብሏል። አርታኢው በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ፤ ሁለቱ ቁጥሮች አብስትራክቱ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ይቀመጡ አለ። ተቀመጡ፣ ጽሑፉም ተቀባይነት አገኘ።